ሎጎው በፕሎተር ሲቆረጥ የጀበናው እጀታ ይገነጠላል፣ ምን ላድርግ?

ሰላም የድሬ ልጆች፣ ኢለስትሬተር የምትችሉ እርዱኝ። ከዚራ ላለ ቡና ቤት የመስታወት ስቲከር እየሠራሁ ነው። ሎጎው ጀበና ነው፤ ፋይሉን የሠራው ሌላ ሰው ነው። ቢዝነስ ካርድ ላይ ምንም አይልም። 2 ሜትር አድርጌ በፕሎተር ሳስቆርጠው ግን እጀታው ከሆዱ ተለይቶ ይነሳል።

በ`Ctrl+Y` መስመሩን ብቻ ሳየው ምክንያቱ ገባኝ። እጀታውና ሆዱ የተደራረቡ ሁለት ቅርጾች ናቸው። ቀለማቸው አንድ ስለሆነ ዓይን አይለያቸውም፤ ፕሎተሩ ግን ቀለም አያይም፣ የእያንዳንዱን ጠርዝ ተከትሎ ይቆርጣል።

በ`Pathfinder` ውስጥ `Unite` ብዬ አዋሃድኳቸው፤ መገንጠሉ ቀረ። አሁን ያስቸገረኝ የእጀታው ኩርባ ነው። ነጥቡ መዓት ነው (በ`Image Trace` የወጣ ይመስላል)፣ ሲተልቅ ጎርበጥ ጎርበጥ ይላል። `Simplify` ሳደርገው ጉብታው ይጠፋል፣ ግን የጀበናው አፍ ሹል ጫፍም አብሮ ይዶለዱማል።

አፉን ሳልነካ የእጀታውን ነጥቦች ብቻ መቀነስ ይቻላል? ወይስ ከመዋሃዱ በፊት ወዳለው ፋይል ተመልሼ፣ ኩርባው በሚታጠፍባቸው ዳርቻዎች ላይ ብቻ ነጥብ እያስቀመጥኩ እጀታውን በ`Pen Tool` እንደ አዲስ ልሳለው? ባለቤቱ ቅርጹ እንዳይቀየርበት አጥብቆ ነግሮኛል።