2,500,000ኛው ባይት ጋ ለመድረስ ዲስኩ ስንት ጊዜ ይነበባል?

የአዳማ ተማሪ፦ ሰላም ናችሁ? ቅዳሜ ፈተና አለብኝ። ፋይሉ 1024 ብሎክ ነው፣ አንዱ ብሎክ 4096 ባይት ይይዛል። ቁጥሩ 2,500,000 የሆነውን ባይት ብቻ ማንበብ ፈልገናል። ፋይሉ ዲስኩ ላይ የተቀመጠው በኮንቲጊዩስ ማለትም ብሎኮቹ ጎን ለጎን፣ በሊንክድ ማለትም እያንዳንዱ ብሎክ የሚቀጥለውን አድራሻ ይዞ፣ ወይም በኢንዴክስድ ማለትም የሁሉም ብሎክ አድራሻ አንድ ኢንዴክስ ብሎክ ላይ ተጽፎ ቢሆን፣ በእያንዳንዱ ዲስኩ ስንት ጊዜ ይነበባል? እኔ 1፣ 610 እና 1 አልኩ። የመልስ ወረቀቱ 1፣ 611 እና 2 ይላል። የት ጋ ነው የሳትኩት? ደግሞ ኮንቲጊዩስ ሁሌ 1 ከሆነ ለምን ሁሉም በእሱ አይሠራም?

ሰርቨር ክፍል፦ ማካፈሉን በትክክል ሠርተሃል። 2,500,000 ለ4096 ሲካፈል 610 ይደርስና 1440 ይተርፋል። ግን ብሎክ የሚቆጠረው ከ0 ነው። ከ0 እስከ 610 ስትቆጥር 611 ብሎክ ነው። በሊንክድ ብሎክ 610 የት እንዳለ የሚያውቀው ብሎክ 609 ብቻ ነው። እሱን ደግሞ የሚያውቀው 608 ነው። ስለዚህ አንዱንም መዝለል አትችልም።

በኮንቲጊዩስ ፋይሉ ዲስኩ ላይ ከብሎክ 300 ከጀመረ 300 ሲደመር 610፣ ቀጥታ 910 ጋ ትሄዳለህ። በኢንዴክስድ የረሳኸው ኢንዴክስ ብሎኩ ራሱ ዲስክ ላይ መሆኑን ነው። መጀመሪያ እሱን ታነባለህ፣ መስመር 610 ላይ ያለውን አድራሻ ትወስዳለህ፣ ከዚያ ዳታውን ታነባለህ። ኢንዴክሱ ሚሞሪ ውስጥ ቀድሞ ከገባ ያንተ 1 ልክ ይሆናል።

ፍላሽ ወዳድ፦ ሊንክድ ማለት እኮ ፋት ነው፣ ፍላሽ ላይ ፋይሎችን የሚያስቀምጠው ፋይል ሲስተም። ስለዚህ ፍላሽ ላይ ያለ ፊልም መሃሉ ጋ ስትዘል ዲስኩ 611 ጊዜ ይነበባል ማለት ነው። ለዛ ነው ፍላሽ የሚንቀራፈፈው።

ሰርቨር ክፍል፦ ግማሹ ልክ ነው። ፋት በእርግጥ ሊንክድ ነው። ግን ሰንሰለቱ ዳታው ብሎክ ውስጥ ሳይሆን ለብቻው ሰንጠረዥ ላይ ነው የተጻፈው። ሰንጠረዡ ሚሞሪ ውስጥ ካለ 610ሩን እርምጃ እዚያው ትራመድና ዲስኩን አንዴ ብቻ ታነባለህ። እርምጃው አልቀረም፣ ግን ረከሰ። የፍላሽህ መንቀራፈፍ ሌላ ምክንያት አለው።

ተማሪው፣ አንድ ወጥመድ ልንገርህ። በሊንክድ የሚቀጥለውን ብሎክ አድራሻ የሚይዘው ፖይንተር ብሎኩ ውስጥ ከሆነና 4 ባይት ከወሰደ ለዳታ የሚቀረው 4092 ነው። በዚያ ስታካፍል አሁንም ብሎክ 610 ይመጣል፣ የሚተርፈው ግን 3880 ነው። ጥያቄው 2,500,300 ቢሆን ኖሮ ብሎክ 611 ውስጥ ትገባ ነበር፣ ንባቡም 612 ይሆናል። መምህሩ ቁጥሩን ትንሽ ከቀየረው በ4096 ያካፈለ ሁሉ ይስታል።

ከመናኸሪያ ጎን፦ ሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልሞክር። ከአዳማ አዲስ አበባ ለመሄድ አራት ሆናችሁ ሚኒባስ ገባችሁ እንበል። አምስት ወንበር ባዶ አለ፣ ግን አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ ነው። ጎን ለጎን ካልተቀመጥን ካላችሁ ቦታ እያለ ትወርዳላችሁ። ዲስኩም ላይ 400፣ 350 እና 500 ብሎክ የሆኑ ሦስት ክፍተቶች ካሉ ድምሩ 1250 ነው። ያንተ 1024 ብሎክ ፋይል ግን በኮንቲጊዩስ የትም አይገባም። በሊንክድም በኢንዴክስድም ይገባል፣ ኢንዴክስድ ለኢንዴክሱ አንድ ብሎክ ይጨምራል እንጂ።

ፋይሉ ነገ ሲያድግስ? ጎኑ ተይዞ ከሆነ ሙሉው ተነስቶ ሌላ ቦታ ይገለበጣል። ለዚህ ነው ኮንቲጊዩስ የሚመቸው አንዴ ተጽፎ ለማይነካ ነገር፣ ለምሳሌ ለሲዲ።

የሐዋሳዋ ቪዲዮ ሠሪ፦ እኔም ይሄው ችግር አለብኝ! የሠርግ ቪዲዮ ነው የምሠራው። 120 ጊጋ ባዶ ቦታ እያለኝ ቪዲዮው ይቆራረጣል። ኮንቲጊዩስ ላድርገው?

ሰርቨር ክፍል፦ እህቴ፣ አንቺ የምትመርጪው ነገር አይደለም፣ ፋይል ሲስተሙ ነው የሚወስነው። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከሆነ ግን መበታተኑን ማየት ትችያለሽ። ዊንዶውስ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕቱን በአስተዳዳሪነት ከፍተሽ ይሄን ጻፊ፣ ዲስኩን አይነካም፣ መርምሮ ብቻ ይነግርሻል፦

```
defrag D: /A
```

ኤስኤስዲ ከሆነ ተይው። እዚያ የሚንቀሳቀስ ክንድ ስለሌለ መበታተን ብዙም አይጎዳም።

የሐዋሳዋ ቪዲዮ ሠሪ፦ ሃርድ ዲስክ ነው። ሞከርኩት፣ ማስተካከል አያስፈልግም አለኝ። መቆራረጡ ግን እንዳለ ነው።

ሰርቨር ክፍል፦ እንግዲያው ኬብሉን ቀይረሽ እዪ፣ ዲስኩም እያረጀ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ በፊት ግን የደንበኞችሽን ቪዲዮ ሌላ ቦታ ገልብጪ።

የአዳማ ተማሪ፦ በጣም አመሰግናለሁ፣ የ0ው ነገር ነው ያሳተኝ። አንድ ቀረኝ፦ ኢንዴክስ ብሎኩ የት እንዳለ ለማወቅ ዳይሬክተሪው አይነበብም? እሱ ከተቆጠረ 3 አይሆንም?

ከመናኸሪያ ጎን፦ እኛ ስንማር 3 ነበር የምንለው።

ሰርቨር ክፍል፦ ፋይሉ ቀድሞ ከተከፈተ 2 ነው። ጥያቄው «ተከፍቷል» ካላለ ያሰብከውን መጀመሪያ ጻፍና ከዚያ ቁጠር። መምህርህ የትኛውን እንደሚፈልግ ግን እሱኑ ጠይቀው።