ማባበያ ጡጦ እንዴት ላስተዋት?

ጠያቂ፦
ልጄ ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ሆኗታል። ማባበያ ጡጦዋን ቀንም ሌሊትም ከአፏ አታወጣም። ጥርሷን ገጥማ ስትነክስ የላይኛውና የታችኛው የፊት ጥርሶቿ ስለማይገናኙ ምላሷ በመካከል ይታያል። አማቴ እሬት ቀቢበት ይሉኛል፤ እኔ ደግሞ ድንገት ብቀማት ጣቷን መጥባት ትጀምራለች ብዬ እፈራለሁ። ከሁለት ወር በኋላ ሁለተኛ ልጅ እወልዳለሁ፤ እሱንስ ጭራሽ ባላስለምደው ይሻላል?

የአንድ ልጅ አባት፦
የወተት ጥርስ መውደቁ ስለማይቀር ብዙ አያስጨንቅዎት። እኛ የጡጦውን ጫፍ በመቀስ ቆረጥ አድርገን ሰጠነው፤ እንደ ቀድሞው አልጠባ ሲለው ራሱ ወርውሮ ተወው።

እማማ፦
ልጄ፣ ወተቱን በኩባያ አስለምጃት፤ ማታ ጡጦ ይዛ እንድትተኛ አትፍቀጂላት፣ ጥርሷን ይበላዋል።

ጠያቂ፦
እማማ፣ አመሰግናለሁ። ወተት የምትጠጣው በኩባያ ነው፤ ያስቸገረኝ ምንም የማይፈስበት፣ ለመጥባት ብቻ የሚያዘው ነው።

የጥርስ ሐኪም፦
ወንድማችን የጻፉት በከፊል ትክክል ነው። ልማዱ በሦስት ዓመት አካባቢ ከቆመ የፊት ጥርሶቹ ክፍተት አብዛኛውን ጊዜ በራሱ እየጠበበ ይሄዳል፤ ቋሚዎቹ የፊት ጥርሶች የሚወጡት ስድስት ዓመት ገደማ ስለሆነ ገና ጊዜ አለ። ጫፉን መቁረጥ ግን አልመክርም፤ የተቆረጠው ጎማ በጥርስ ሲታኘክ ተገንጥሎ ጉሮሮ ሊዘጋ ይችላል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከፊት የሚታየው ክፍተት ሳይሆን የመንጋጋ ጥርሶቹ ናቸው። ልጅ ለረጅም ጊዜ ሲጠባ ጉንጮቹ የላይኛውን መንጋጋ ከግራና ከቀኝ ስለሚጫኑት መንጋጋው እየጠበበ ይሄዳል፤ ይህ ደግሞ እንደ ፊቱ ክፍተት በቀላሉ አይስተካከልም። ልጅዎ የኋላ ጥርሶቿን ገጥማ ሳለ ጉንጯን በጣትዎ ገለጥ አድርገው ይመልከቱ። የላይኛዎቹ ከውጭ በኩል የታችኛዎቹን ሸፍነው መታየት አለባቸው። ወደ ውስጥ ገብተው ከተገኙ፣ ወይም አፏን ስትዘጋ አገጯ ወደ አንድ ጎን ከተንሸራተተ ወደ ጥርስ ሐኪም ይውሰዷት።

ለማስተዉ ሥራ በመጀመሪያ ጡጦው ከአልጋ እንዳይወርድ ያድርጉ። ቀን ስትጠይቅዎት «አልጋሽ ላይ አለ፤ ሄደሽ ጥቢ፣ መጫወት ስትፈልጊ ትራስሽ ላይ አስቀምጠሽው ነይ» ይበሏት፤ ባይነጥቋትም ጨዋታው ስለሚስባት ብዙውን ጊዜ ቶሎ ትነሣለች። ይህን ከለመደች በኋላ በቀን እንቅልፍ ያስቀሩት፣ የሌሊቱን መጨረሻ ያድርጉት። በሌሊቱ ጥቂት ቀን ማልቀሷ አይቀርም። ያን ጊዜ አጠገቧ ሆነው ጀርባዋን ቢያሹላት፣ የምታቅፈው ጨርቅ ወይም አሻንጉሊት ቢሰጧት ጥሩ ነው፤ አንዴ ካስቀሩት በኋላ እኩለ ሌሊት ላይ መልሰው ከሰጧት ግን በሚቀጥለው ሌሊት ይበልጥ ታለቅሳለች። መውለጃዎ እስኪቃረብ ካልተሳካ «አልጋ ላይ ብቻ» በሚለው ይርጉና የቀረውን ሕፃኑ ከተወለደና ቤቱ ከተረጋጋ በኋላ ይጨርሱት። እሬቱን ተዉት፤ እጇን ነክቶ ዓይኗ ውስጥ ይገባል፣ እንዲሁም የምትጽናናበት ነገር ድንገት ሲመራት ለምን እንደሆነ አይገባትም።

የአምስት ዓመት ልጅ እናት፦
ጣት እንዳትጀምር መፍራትሽ ተገቢ ነው፣ እህቴ፤ ጡጦ ይደበቃል፣ ጣት ግን የት ይደበቃል? የእኔ ልጅ አውራ ጣቱ ከመጥባት ብዛት ቆዳው ወፍሮ፣ በጥፍሩ ጥግ መግል ቋጥሮ ሐኪም ቤት አመላልሶናል። ስንቆጣው ተደብቆ መጥባት ጀመረ። በመጨረሻ እሱ ራሱ ተስማምቶ ማታ ማታ ስስ ካልሲ እጁ ላይ እናጠልቅለታለን፤ ቴሌቪዥን ሲያይ ደግሞ እጁ ሥራ እንዲያገኝ የሚይዘው ነገር እንሰጠዋለን። ቀን ላይ ትቷል፤ ሲያመው ወይም ሲደክመው ግን አሁንም ይመለስበታል።

አዋላጅ ነርስ፦
ስለሚወለደው ልጅ ልመልስልሽ። ጡት መጥባቱ በደንብ እስኪስተካከል፣ ማለትም ሦስት ወይም አራት ሳምንት እስኪሞላው አትስጪው፤ የረሃቡን ምልክት ሊሸፍንብሽ ይችላል። ከዚያ በኋላ ግን ጥቅም የለውም ማለት አይቻልም፤ ሲተኛ የሚጠባ ሕፃን በእንቅልፍ ላይ ድንገት የመሞት አደጋው እንደሚቀንስ ታይቷል። እንቅልፍ ወስዶት ከአፉ ከወደቀ መልሰሽ አትክተቺበት። በክር አንገቱ ላይ ማሰር ያንቀዋል፤ ዓመት ሳይሞላው ማር ቀብቶ መስጠትም ለከባድ መመረዝ ሊዳርገው ይችላል። ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ የጆሮ ኢንፌክሽን ስለሚያበዛ እየቀነስሽ ሂጂ። የሥራ ባልደረቦቼ ግማሾቹ ጭራሽ አይሰጥ ይላሉ፤ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ግን በ2018 እ.ኤ.አ. ባሻሻሉት የጡት ማጥባት መመሪያ ክልከላውን ትተው እናቶች ስለ አጠቃቀሙና ስለ ጉዳቱ ይመከሩ ብለዋል፤ እኔም የምስማማው በዚህ ነው።

ጠያቂ፦
ጉንጯን ገልጬ ለማየት ሞከርኩ። በቀኝ በኩል የላይኛው ወደ ውስጥ የገባ መሰለኝ፤ ነገር ግን አልረጋ ስላለችኝ እርግጠኛ አይደለሁም።

የጥርስ ሐኪም፦
በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ ማስተዉን እስኪጨርሱ አይጠብቁ፤ ከመውለድዎ በፊት ያሳዩዋት። ሕክምና ያስፈልጋት እንደሆነ የሚታወቀው ያኔ ነው፤ ጡጦውን ከአልጋ እንዳይወርድ ማድረጉን ግን ከዛሬ ይጀምሩ።