የክረምት ጉዞ ማስታወቂያ የመጀመሪያው መስመር አቃተኝ

ሰላም ወገኖች። ሐረር በአንድ ትንሽ የጉዞ ቢሮ እሠራለሁ። ለእረፍት ልጆቻቸውን ይዘው ቤተሰብ ሊጠይቁ ከውጭ ለሚመጡ ማስታወቂያ እየጻፍኩ ነው። መጀመሪያ «3 ሌሊት ሆቴል፣ ጀጎል፣ የጅብ ምገባ» ብዬ ዋጋውን በነፍስ ወከፍ አስቀመጥኩ። አንዲት እናት ደውላ «እኔ የማድረው እናቴ ቤት ነው፤ ሆቴል ምን ያደርግልኛል? እናቴስ አብራን ስትወጣ እንደ ቱሪስት ልትከፍል ነው?» አለችኝ። ልክ ናት።

ስለዚህ መኝታውን አውጥቼ ዋጋውን በመኪና አደረግሁት፤ አያትም አክስትም ቦታ እስካለ ይሳፈራሉ። ከድሬዳዋ አየር ማረፊያ ተቀብለን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሐረር እንወጣለን። ጀጎልን ጠዋት አደረግሁት፤ ከሰዓት ዝናብ ከመጣ የመንገዱ ድንጋይ ያንሸራትታል፣ ለአያቶች ያስፈራል። ጅቡ ሲመሽ ነው፤ ሕፃን የያዘ ከመኪናው ሆኖ ያያል።

የቸገረኝ መክፈቻው ነው። «ሐረርን ይጎብኙ» ስል እንግዳ አደረግኋቸው። «እንኳን ወደ ቤታችሁ መጣችሁ» ስል ደግሞ ምን እንደምንሸጥ አይታወቅም። «አያትም ልጅም በአንድ መኪና» የሚለውስ? እናንተ ብትሆኑ በየትኛው ትከፍቱታላችሁ? የዝናቡንስ ነገር እዚያው ልጻፈው ወይስ ሲደውሉ ልንገራቸው?