አንቲ-ዲ መርፌ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ያገኘ አለ?

እህቶቼ፣ እስቲ እርዱኝ። ቡሬ ነኝ፣ የ28 ሳምንት ነፍሰ ጡር። የኔ ደም ኦ ኔጌቲቭ፣ የባለቤቴ ፖዘቲቭ ነው። የመጀመሪያው ጽንስ በ4 ወሩ ሲወርድብኝ መርፌው አልተሰጠኝም፤ ስለዚህ ሰውነቴ የልጁን ደም የሚያጠቃ አንቲቦዲ ሠርቶ ይሆናል ብዬ በጣም ፈርቼ ነበር። ኢንዳይሬክት ኩምብስ የሚባለው ምርመራ ግን ኔጌቲቭ ሆነ፣ ተመስገን! አማቴ «ነፃ ከሆንሽ መርፌው ምን ያደርግልሻል?» ይላሉ። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ ግን መርፌው የሚጠቅመው አንቲቦዲው ሳይፈጠር ነው፤ ከተፈጠረ በኋላ አያጠፋውም። አሁን መወጋት አለብኝ፣ ልጁ ፖዘቲቭ ከሆነ ደግሞ ከወለድኩ በ72 ሰዓት ውስጥ ይደገማል። እዚህ ፋርማሲዎች ጋ የለም። የት አገኛችሁት፣ ስንት ገዛችሁት? ቅዝቃዜው መጠበቅ ስላለበት በረዶ ይዤ ላምጣው ወይስ እዚያው ሄጄ ልወጋ?