ሊጡ እንደ ሾርባ ቀጠነብኝ! 1 ጊል ወተት ስንት ነው?

ሰናይት
ኦቨኑ ግሏል፣ እንግዶቹ ማታ ናቸው፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ከአንድ አሮጌ የእንግሊዝኛ የምግብ መጽሐፍ ኬክ እየሠራሁ ነው። ሊጡ እንደ ሾርባ ቀጠነ። በማንኪያ ሳነሳው ውርር ብሎ ይፈሳል። መጽሐፉ ወተት 1 ጊል ይላል። ስልኬ 142 ሚሊ ሊትር ነው ሲለኝ እሱኑ ጨመርኩ። ጊሉ የበዛ ይመስለኛል። ትክክለኛው ስንት ነው? የገባ ወተት አይወጣ፣ ምን ላድርግ?

የጓዳው ንጉሥ
በብርጭቆ ቅጂና ለእንግዶቹ በገለባ አቅርቢላቸው። ከጠየቁሽ አዲስ አሠራር ነው በይ።

ቤቲ
እህቴ፣ ስልክሽ ነው ያሳሳተሽ። ጊል 118 ሚሊ ሊትር ነው፣ የአሜሪካ ኩባያ ግማሽ ማለት ነው። አብዝተሻል። ለሌላ ጊዜ 118 አድርጊው።

ጋሽ አያሌው
ልጆች፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ጊል የፓይንት አንድ አራተኛ ነው። ጉዳዩ ፓይንቱ የማን ነው የሚለው ነው። እንግሊዞች በፈረንጆች 1824 ባወጡት ሕግ የድሮ መስፈሪያዎቻቸውን ትተው አዲስ ጋሎን ደነገጉ። አሜሪካኖች ግን ከዚያ በፊት በእንግሊዝ ይሠራበት የነበረውን የወይን ጋሎን ይዘው ቀሩ። ስለዚህ የእንግሊዝ ፓይንት 568 ሚሊ ሊትር፣ የአሜሪካው 473 ሆነ። ሩቡ ደግሞ 142 እና 118 ይመጣል። በእንግሊዝ መጠጥ ቤቶች አረቄ ይለካ የነበረው በጊል ስድስተኛ ነበር። በ1995 ነው በ25 ሚሊ ሊትር የተተካው፤ በእርግጥ ልዩነቱ ጠብታ ነው፣ ሆኖም በጊዜው...

የጓዳው ንጉሥ
ጋሼ፣ ልጅቷ ኦቨን ለኩሳለች! አረቄው ይቆየን።

ሂሩት (ጋጋሪ)
ሰኒ፣ ጊሉን ለጊዜው ተይው። በ142 እና በ118 መካከል ያለው 24 ሚሊ ሊትር ነው፤ 5 የሻይ ማንኪያ ቢሆን ነው። ይህ ሊጥን ትንሽ ያለሰልሰዋል እንጂ ሾርባ አያደርገውም። የቀረውን ንገሪኝ። መጽሐፉ ዱቄት ስንት ይላል? አንቺስ በምን ለካሽው?

ሰናይት
ዱቄት 8 አውንስ፣ የገበታ ቅቤ 4 አውንስ፣ ስኳር 4 አውንስ፣ 2 እንቁላል፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ቁንጥር ጨው፣ 1 ጊል ወተት። ዱቄቱ ችግር የለበትም፣ በጥንቃቄ ነው የለካሁት። የመለኪያ ኩባያዬ ጎን ላይ 8 አውንስ የሚል መስመር አለ፣ እስከዚያ ድረስ ሞላሁት። ጥያቄዬ ስለ ጊሉ ነው።

ቤቲ
እኮ፣ 118።

ሂሩት (ጋጋሪ)
በቃ ተገኘ! የጎደለሽ ዱቄት ነው። ኩባያሽ ላይ ያለው አውንስ የፈሳሽ መስፈሪያ ነው፣ የቦታ ልክ ነው። መጽሐፉ ስለ ዱቄት ሲያወራ የሚለው አውንስ ግን የሚዛን ነው። አንዱ የሚዛን አውንስ 28 ግራም ከምናምን ነው፣ ስለዚህ 8ቱ 227 ግራም ይሆናል። ዱቄት ደግሞ አየር የበዛበት ነገር ነው። እስከ 8 መስመር ስትሞዪው ክብደቱ ከ120 እስከ 130 ግራም ቢሆን ነው። ስለዚህ ወደ 100 ግራም ዱቄት ጎድሎሻል፤ ግማሽ ያህሉ ማለት ነው።

ሰዎች የሚሳሳቱት በውሃ ነው። ውሃ እስከ 8 ሞልተሽ ብትመዝኚ 237 ግራም ገደማ ይሆናል፣ ከ227 ብዙ አይርቅም። ያን ያየ ሰው አውንስ ሁሉ አንድ ይመስለዋል። በዱቄት ስትመጪ ነው ጉዱ የሚፈላው።

ቅቤሽ አያሳስብም። ቅቤ ከውሃ ብዙ አይርቅም፣ በኩባያ ብትለኪውም 4 አውንሱ ወደ 113 ግራም ይመጣል። ስኳሩ ከአሥር ግራም ትንሽ በለጥ ያለ ጎድሎሻል፣ እሱን ተይው። ወተቱም ልክ ነው። ዱቄት በአውንስ የሚመዝን መጽሐፍ ብዙ ጊዜ የእንግሊዝ ነው፣ አሜሪካኖች ዱቄት በኩባያ ነው የሚሰፍሩት። ስለዚህ 142 ትክክል ነው።

ሰናይት
ሚዛን የለኝም!! 100 ግራም በምን ልወቅ?

ሂሩት (ጋጋሪ)
በዚያው ኩባያ። ዱቄቱን በማንኪያ እያነሳሽ ቀስ ብለሽ ሙዪው፣ አትጠቅጥቂው፣ ኩባያውንም አታንኳኪው። 6 መስመርን ትንሽ አለፍ ሲል 100 ግራም ገደማ ነው። ሙሉውን አንዴ አትገልብጪው። ግማሹን ነፍተሽ ጨምሪና በማንኪያ ከሥር ወደ ላይ እየገለበጥሽ አዋህጂው። ከዚያ የቀረውን በጥቂት በጥቂቱ። በማንኪያ አንስተሽ ስትይዥው ትንሽ ቆይቶ ድብ ብሎ ከወደቀ ደርሷል፤ አቁሚ። ከተጣበቀና ካልወደቀ አልፈሻል፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ወተት ይመልሰዋል።

ሁለት ነገር አትርሺ። ዱቄት ጨመርኩ ብለሽ ቤኪንግ ፓውደር እንዳትጨምሪ፣ 2 ማንኪያው መጀመሪያውኑ ለ8 አውንስ ዱቄት የታሰበ ነው። በማሽንም አትምቺው። ዱቄት ከረጠበ በኋላ በተመታ ቁጥር እንደ ዳቦ ሊጥ ይጠነክራል፣ ኬኩም ድርቅ ይላል። ልክ ነጭ ዱቄት ሲጠፋ ወደ ኦቨን። ቤኪንግ ፓውደሩ ከረጠበ ስለቆየ አታዘግዪው።

ሰናይት
እሺ እሺ ልጨምር ነው።

ተሾመ
ይቅርታ፣ አንድ አውንስ 31.1 ግራም ነው እንጂ 28 አይደለም። በእርግጠኝነት ነው የምናገረው፣ ዜና ላይ ሁሌ ይነገራል።

ሂሩት (ጋጋሪ)
ተሾመ፣ ያ የወርቅ አውንስ ነው። የወርቅና የብር ነጋዴዎች የራሳቸው አላቸው። ኬክ ላይ ወርቅ ካልነሰነስክ አያስፈልግህም።

እናት ነኝ
እኔ ደግሞ የሕፃን ጡጦ ላይ ያለው አውንስ ግራ ገብቶኛል። ባለቤቴ አንዱ 28 ግራም ነው ይላል፣ ጡጦው ላይ ከጎኑ 30 ሚሊ ሊትር የሚል አለ። የቱን ልመን?

ሂሩት (ጋጋሪ)
ጡጦውን እመኚ። ያ የፈሳሽ ነው። የአሜሪካው አውንስ 29.6 ሚሊ ሊትር ነው፣ የእንግሊዙ 28.4። ጡጦ ሠሪዎች 30 ብለው ያጠጋጉታል። ለምግቡ ደግሞ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ሚሊ ሊትር ተከተይ፣ በአውንስ መጨነቅ አያስፈልግሽም።

ዳዊት ሸማች
ሚዛን ለሌለው ሰው የእኔን ዘዴ ልንገራችሁ። የታሸገ ዕቃ ራሱ ሚዛን ነው። 250 ግራም የሚል ቅቤ ከገዛችሁ፣ 4 አውንስ ማለት ከግማሹ ትንሽ ዝቅ ያለ ነው። ወረቀቱ ላይ በቢላ ምልክት አድርጎ መቁረጥ ነው። የአሜሪካ ቅቤ ከሆነ ደግሞ አንዱ ዘንግ ራሱ 4 አውንስ ነው፣ ምንም መቁረጥ የለም። አንድ ኪሎ ዱቄት በ35 አውንስ ነው የምቆጥረው። አራት እኩል ክምር አድርጌ ስከፍለው አንዱ 250 ግራም ይሆናል፤ ከዚያ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ተኩል ቀንሼ 8 አውንስ አገኛለሁ። 454 ግራም የሚል ማርማላታ አይታችሁ ግራ ገብቷችሁ ከሆነ ደግሞ፣ እሱ የድሮው ፓውንድ ነው፤ 16 አውንስ።

ቤቲ
ቆይ ግን ቁንጥሩስ? እኔ ሦስት ጣት ነው የማውቀው።

ዳዊት ሸማች
ሁለት ጣት። አውራ ጣትና ጠቋሚ።

ጋሽ አያሌው
ልጆቼ፣ ቁንጥር እንደ ጊል በሕግ የተደነገገ መስፈሪያ አይደለም። ሰው ሁሉ በየጣቱ ነው የሚቆነጥረው።

ሂሩት (ጋጋሪ)
ጋሽ አያሌው እውነታቸውን ነው። ቢሆንም የትንንሽ ማንኪያ ስብስብ የሚሸጡ አሉ፤ ብዙዎቹ ቁንጥርን የሻይ ማንኪያ 1/16 ያደርጉታል። አንዳንዶች 1/8 ይላሉ። በ1/16 ከሄድን ደቃቅ ጨው ከግማሽ ግራም በታች ነው። ቤት ውስጥ ልሞክር ካልሽ፣ በጣትሽ እየቆነጠርሽ የሻይ ማንኪያ ሙዪና ቁጠሪው። 16 አካባቢ ከመጣ ጣትሽ ከማንኪያው ጋር ተስማምቷል። 8 ላይ ከሞላ ያንቺ ቁንጥር ዕጥፍ ነው፣ ሦስት ጣት የምትጠቀሚ ከሆነ ያስኬዳል። ጨው ሻካራ ከሆነ በሻይ ማንኪያ የሚይዘው ክብደት ያንሳል፣ ስለዚህ ያው ቁንጥር ጨውነቱ ይቀንሳል። ለኬክ ጨው ይህ ሁሉ ብዙ ለውጥ የለውም። ቁንጥር ሶዳ ሲባል ግን ጠንቀቅ በሉ፣ ሲበዛ ምላስ ላይ ሳሙና ሳሙና ይላል።

ዳዊት ሸማች
ሁለት ጣት ነው አሁንም።

የጓዳው ንጉሥ
የእኔ ጣት የቦክሰኛ ነው። አንድ ቁንጥሬ ለሰፈር ይበቃል።

ሳምሶን
በዚሁ ክር ልጠይቅ። እኔም የእንግሊዝ መጽሐፍ አለኝ፣ በእጅ የተጻፈ፣ ከሰሜን እንግሊዝ የመጣ ነው። 8 አውንስ ዱቄት፣ 2 አውንስ ቅቤ፣ 1 ጊል ወተት ይላል፣ እንቁላል የለውም። በሚዛን መዝኜ፣ ወተቱን 142 አድርጌ ስሠራው ሊጡ ጥጥር ይላል። ደራሲዋ ኬክ ትለዋለች፣ ወደ መጋገሪያው አፍስሰው ነው የምትለው። የእኔ ከመፍሰስ ይልቅ በቢላ ይቆረጣል።

ሂሩት (ጋጋሪ)
ሳምሶን፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። በሰሜን እንግሊዝ ጊል ሲሉ ግማሽ ፓይንት ማለታቸው የሚሆንበት ቦታ አለ፣ በተለይ ለቢራና ለወተት። ያ 284 ሚሊ ሊትር ነው፣ የመደበኛው ዕጥፍ። 8 አውንስ ዱቄት በ142 ብቻ በእርግጥ ድርቅ ያለ ሊጥ ነው፣ በእጅ ተድቦልቡሎ የሚጋገር ዓይነት። በ284 ደግሞ በደንብ ይፈሳል። "አፍስሰው" ካለች ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። ግን ሌሎቹን ገጾች እይ። እዚያው ደብተር ላይ "ግማሽ ፓይንት" የሚል በሌላ አሠራር ውስጥ ከጻፈች ሁለቱን ለይታ ታውቃለች ማለት ነው፣ ያኔ ጊሏ 142 ሊሆን ይችላል።

ሳምሶን
አየሁት። አንድ ገጽ ላይ ግማሽ ፓይንት ክሬም ብላለች። ወተት ሲሆን ግን ሁሌ ጊል ነው የምትለው፣ አንድም ቦታ ግማሽ ፓይንት ወተት አላገኘሁም።

ጋሽ አያሌው
ወተቱን በአካባቢዋ ወተት ሻጭ አነጋገር፣ ክሬሙን በመጽሐፍ አነጋገር ጽፋው ሊሆን ይችላል።

ሂሩት (ጋጋሪ)
ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። ግማሹን አሠራር ብቻ ሠርተህ ሞክር፤ 4 አውንስ ዱቄት፣ ማለትም 113 ግራም፣ በ142 ሚሊ ሊትር ወተት። ከፈሰሰና ከተነፋ የሰሜኑ ጊል ነው። መሃሉ እንደ ገንፎ ከቀረ ግን ወተቱን አትወቅስ፣ ምናልባት እንቁላሉን መጻፍ ረስታው ይሆናል።