በቀኝ እግሩ ሲቆም ግራ ዳሌው ይወርዳል፤ ግሬዱ ስንት ነው?

ጠያቂ፣ 3ኛ ዓመት፣ ጎንደር
ሰላም ለሁላችሁ። ሰኞ የጡንቻ ጥንካሬና የአረማመድ ፈተና አለብን። የአምናው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «አንድ የ40 ዓመት ሰው በቀኝ እግሩ ሲቆም ግራ ዳሌው ይወርዳል፤ ሲራመድ የላይኛው ሰውነቱን ወደ ቀኝ ይጥላል። በግራ ጎኑ ተኝቶ ቀኝ እግሩን ሲያነሳ ግማሽ ሳይደርስ ይመልሰዋል፤ በጀርባው ተኝቶ ግን ሙሉ በሙሉ ወደ ውጭ ይከፍተዋል። የደከመው ጡንቻ የቱ ነው? ግሬዱስ? ምርኩዝ በየትኛው እጁ ይያዝ?» እኔ ግራ ጎን፣ ግሬድ 3፣ ምርኩዙን በቀኝ እጅ ብዬ መለስኩ። ጓደኞቼ ሦስቱንም ተሳስተሻል አሉኝ። እባካችሁ ምክንያቱን አስረዱኝ።

የማራኪ ልጅ
ጡንቻው ከዳሌ ጎን ያለው ግሉቲየስ ሚዲየስ ነው፤ እንዲህ ዳሌ የሚወርድበት አረማመድ ትሬንደለንበርግ ይባላል። የጡንቻ ጥንካሬ ከ0 እስከ 5 ሲሰጠው ግሬዱ 2 ነው፤ ስበትን አሸንፎ እስከ መጨረሻው አላነሳምና 3 አይሰጠውም። ጎኑን ግን ትክክል ነሽ፤ የወረደው ግራው ስለሆነ የደከመው ግራው ነው።

ፊዚዮ ከአዘዞ
ወንድሜ፣ ግሬዱ ላይ ተስማምተናል፤ ጎኑ ላይ ግን ተሳስተሃል። ይህ በየዓመቱ ተማሪ የሚጥል ቦታ ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው።

ሰውየው በቀኝ እግሩ ብቻ ሲቆም የቀረው ሰውነቱ በሙሉ ከቀኙ የዳሌ መገጣጠሚያ ወደ ግራ ተንጠልጥሏል። በግራ በኩል ትልቅ ጀሪካን ውሃ እንደተንጠለጠለበት ቁጠረው። ጀሪካኑ ዳሌውን ወደ ታች ይጎትታል፤ እንዳይወርድ ከቀኝ በኩል የሚይዘው ገመድ ደግሞ የቀኙ ግሉቲየስ ሚዲየስ ነው፤ ትንሹ ግሉቲየስም ያግዘዋል። ገመዱ ሲላላ የሚወርደው ጀሪካኑ ያለበት ጎን ነው። ስለዚህ የወረደው ግራ፣ የደከመው ቀኝ።

በቁጥር እንየው፤ ቁጥሮቹ ግምት ናቸው። ሰውየው 60 ኪሎ ይሁን። የቆመበት እግር 10 ኪሎ ቢሆን የሚንጠለጠለው 50 ኪሎ ነው። ክብደቱ ከመገጣጠሚያው 10 ሴንቲ ሜትር ይርቃል፤ ጡንቻው ግን የሚጎትተው ከመገጣጠሚያው 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ርቆ ነው። ስለዚህ ጡንቻው 100 ኪሎ ገደማ መጎተት አለበት። ሰውየው ይህን ስለማይችል የላይኛውን ሰውነቱን ወደ ቀኝ፣ ወደ ደካማው ጎን ይጥላል። ክብደቱ ወደ መገጣጠሚያው ሲቀርብ የሚፈለገው ጉልበት ይቀንሳል። ጥያቄው ሁለቱንም ምልክት የጻፈው ለዚህ ነው፤ ሁለቱም ወደ ቀኝ ጡንቻ ይመራሉ።

የማራኪ ልጅ
አሁን ገባኝ፣ አመሰግናለሁ ወንድም ጋሼ። የወረደውን ጎን እያየሁ ነው የተሳሳትኩት።

ጠያቂ
ግሬዱን አልጋ ላይ በደንብ ባለመሥራቴ ይሆን 3 ያልኩት? ከጓደኛዬ ጋር ስለማመድ እግሩን በቀላሉ ያነሳዋል።

እህተ ማርያም፣ ፊዚዮ
እህቴ፣ እዚህ የሚያታልልሽ አተኛኘቱ ነው። በግራ ጎኑ አስተኚው፤ የታችኛው እግሩ ዳሌውም ጉልበቱም ይታጠፍ፣ እንዳይንከባለል። የላይኛው ቀኝ እግር ቀጥ ይበል፣ ከሰውነቱ መስመር ትንሽ ወደ ኋላ ይሁን። ከኋላው ቁሚና አንድ እጅሽን ከዳሌው አጥንት ጫፍ ላይ አድርጊ። ከዚያ «እግርህን ወደ ላይ አንሳ» በይው።

ሁለት ማጭበርበሪያ ተመልከቺ። አንደኛው፣ የእግሩ ጣቶች ወደ ጣሪያ ሲዞሩ ነው፤ በዚያን ጊዜ የሚሠራው ጭኑን ወደ ፊት የሚያነሳው ጡንቻ እንጂ ግሉቲየስ ሚዲየስ አይደለም። ጣቶቹ ወደ ፊት ለፊት መመልከት አለባቸው። ሁለተኛው፣ ዳሌው ራሱ ወደ ጎድን አጥንት ሲሳብ ነው፤ እግሩ የተነሳ ይመስላል፣ ያነሳው ግን የወገብ ጡንቻ ነው። እጅሽ ዳሌው ላይ ካለ ወዲያው ይሰማሻል። በእነዚህ ምክንያት ግሬድ 2 የሆነ ሰው 3 ተብሎ ይጻፋል።

ሙሉውን ካነሳ 3 ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው በእጅ ጫና የምትጨምሪው። ካልቻለ በጀርባው አስተኚው፤ ተረከዙን በእጅሽ ከአንሶላው ትንሽ አንሺለት፣ አንቺ ግን አትግፊ። ሙሉ ከከፈተ 2። ምንም ካልተንቀሳቀሰ ከጭኑ አጥንት ውጫዊ እብጠት ከፍ ብለሽ ጣትሽን አሳርፊ፤ ሲኮማተር ከተሰማሽ 1፣ ካልተሰማሽ 0።

ወለቃ 7
እኔ ተማሪ አይደለሁም፣ ይቅርታ። ወንድሜ መቀመጫው ላይ መርፌ ከተወጋ በኋላ ሲራመድ ጉልበቱን ከፍ አድርጎ ያነሳል፣ የጫማው ጫፍም ይላጫል። ይህም ያው ጡንቻ ነው?

ፊዚዮ ከአዘዞ
አይደለም። ይህ እግር መውደቅ ነው፤ የእግሩን ጫፍ ወደ ላይ የሚያነሳው ጡንቻ ነው የደከመው። ጣቱ መሬት እንዳይነካው ጉልበቱን ያነሳል። ጡንቻው ትንሽ አቅም ቢኖረው ኖሮ ተረከዙ ካረፈ በኋላ እግሩ «ጧ» ብሎ መሬት ይመታ ነበር፤ ጫፉ ቀድሞ ካረፈ ግን ድክመቱ የባሰ ነው። መርፌው ነርቭ ነክቶ ሊሆን ይችላል፤ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ሲሄድም መርፌው የተወጋበትን ቀንና ቦታ ይንገር።

ለተማሪዎችም ይጠቅማል፦ እግር መውደቅና ትሬንደለንበርግ በአንድ ጎን አብረው ከመጡ ከወገብ የሚወጣውን ኤል 5 የነርቭ ሥር አስቡ፤ ሁለቱንም ጡንቻዎች የሚያዝዘው እሱ ነው። ከጉልበት ጎን የሚያልፈው ነርቭ ብቻ ከተጎዳ የዳሌው ጡንቻ አይነካም።

የማራኪ ልጅ
አንድ ልጨምር፦ ግሬድ 4 የሆነ ሰው ትሬንደለንበርግ አያሳይም አይደል?

እህተ ማርያም፣ ፊዚዮ
ያሳያል። በእጅህ የምትሰጠው ጫና ስንት ኪሎ ይሆናል? ከላይ የተጻፈውን 100 ኪሎ በእጅህ መስጠት አትችልም። አልጋ ላይ 4 የተባለ ሰው ሲራመድ ሊያነክስ ይችላል። ስለዚህ በአንድ እግር ሲያቆሙት 30 ሰከንድ ይቆይ፤ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ቆሞ 20ኛው ሰከንድ ላይ የሚወርድ አለ። ደግሞም ዳሌው የወረደው በሕመም ወይም በመገጣጠሚያው ችግር ሊሆን ይችላል፤ ከቆመበት ብቻ አይፈረድም።

ጠያቂ
ምርኩዙስ? ደካማው ቀኝ ከሆነ በቀኝ እጁ ቢይዝ ይደግፈው ነበር ብዬ ነው።

ፊዚዮ ከአዘዞ
ብዙ ሰው እንደዚያ ይይዛል፤ ገበያ የሚወርዱ አዛውንትን ብታዪ ዱላውን ያመማቸው ጎን ላይ ታገኛለሽ። ግን በግራ እጁ ይያዝ። ግራ እጁ ከቀኙ መገጣጠሚያ 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይርቃል። በምርኩዙ 5 ኪሎ ብቻ ቢጫን 5 ጊዜ 50፣ 250 ይሆናል፤ ክብደቱ የሚጎትተው 50 ጊዜ 10፣ 500 ነበር። ጡንቻው ከ100 ወደ 50 ኪሎ ወረደለት ማለት ነው። በቀኝ እጁ ቢይዝ ግን ምርኩዙ ከመገጣጠሚያው በቀኝ በኩል ስለሚሆን ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል ዳሌውን ወደ ግራ ያጋድለዋል፤ ሳይጥመዘዝ ለመቆም ሰውነቱን ይበልጥ ወደ ቀኝ ይጥላል።

ጠያቂ
ገባኝ፣ ጋሼ። የቀረኝ ግሬዱ ነው፦ ግማሽ ሳይደርስ መልሷል፤ 2 ነው ወይስ 2 ፕላስ?

እህተ ማርያም፣ ፊዚዮ
እኔ 2 ፕላስ እጽፋለሁ፤ ስበትን ተቃውሞ በከፊል አንስቷልና። ግማሹን ካለፈ 3 ማይነስ።

ፊዚዮ ከአዘዞ
እኔ ደግሞ 2 ብቻ እጽፋለሁ። ፕላስና ማይነስ በሁለት መርማሪ መካከል እየተለያየ አስቸግሮኛል። ከጎኑ «በጎኑ ተኝቶ ከግማሽ በታች አነሳ» ብለሽ ጨምሪበት። ፈተናው ላይ ምርጫዎቹ ውስጥ ፕላስ ካለ ግን መምህርሽ የሚከተለውን ቀድመሽ ጠይቂ።