ለመጸዳጃ ቤት ግንባታ የተሰጠን ገንዘብ ገቢ ነው ወይስ ዕዳ?

ጠያቂ (የሒሳብ ሠራተኛ፣ ደሴ)
በአንድ አነስተኛ አገር በቀል ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። በጥር ወር ለሦስት ትምህርት ቤቶች መጸዳጃ ቤት ግንባታ ከአንድ ለጋሽ 900,000 ብር ገባልን፤ ሙሉውን ገቢ አድርጌ መዘገብሁት። እስከ ሰኔ 30 ለግንባታ 400,000 ብር፣ ለአስተባባሪው የስድስት ወር ደመወዝ 108,000 ብር፣ ለቢሮ ኪራይ 90,000 ብር ወጪ ይዣለሁ። ሒሳቡ 302,000 ብር ትርፍ ስላሳየ ቦርዱ መኪናችንን እናስጠግንበት ይላል። ኦዲተሩ ግን ትርፍ የሚባል ነገር የላችሁም አለኝ። በስምምነቱ መሠረት ያልተሠራበት ገንዘብ ይመለሳል፤ ከአስተባባሪው ደመወዝ የሚሸፈነው ግማሹ ብቻ ነው፤ ኪራይ በበጀቱ ውስጥ የለም። ስሕተቴ የት ላይ ነው?

የፋይናንስ ኃላፊ፣ ሐዋሳ
እህቴ፣ ኦዲተሩ ልክ ነው። የመመለስ ግዴታ ካለ፣ ገንዘቡ ሲገባ ባንክን ዴቢት አድርገሽ «ያልተሠራበት የለጋሽ ገንዘብ» የሚል የዕዳ ሒሳብን ክሬዲት ማድረግ ነበረብሽ። ከዚያ ወጪ በወጣ ቁጥር የወጣውን ያህል ከዕዳው ወደ ገቢ ታዞሪያለሽ። አሁን 598,000 ብሩን በገቢነት ትተሽ 302,000 ብሩን ወደ ዕዳ መልሺው፤ አለቀ። ኪራዩም አያስጨንቅሽ፤ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እስከ 20 በመቶ ለአስተዳደር ወጪ ይፈቅዳል።

የማኅበር ገንዘብ ያዥ፣ ሜሪላንድ
እኛ ግን እንዲህ አላደረግንም። ማኅበራችን ለልጆች የአማርኛ ትምህርት ብቻ እንዲውል 30,000 ዶላር ሲሰጠው፣ ሙሉውን በዚያው ዓመት ገቢ አድርገን ለጋሹ በገደበው ክፍል አስቀመጥነው። ከዚያ ለመምህራን የከፈልነውን ያህል ወደ ያልተገደበው ክፍል አዛወርነው። የሒሳብ ባለሙያችንም ትክክል ነው ብሏል። ዕዳ ማድረግ ለምን አስፈለገ?

ጡረታ የወጣሁ ኦዲተር፣ አዲስ አበባ
የሜሪላንዱ ወንድማችን ያደረጉት ለአገራቸው አሠራር ትክክል ነው፤ ስጦታው ለምን እንደሚውል ተነገራቸው እንጂ አንድ ሥራ ካልፈጸማችሁ መልሱ አልተባሉም። እኛ በምንከተለው ኢፕሳስ በተባለው ዓለም አቀፍ የመንግሥት ዘርፍ የሒሳብ ደረጃም የአጠቃቀም ገደብ ብቻውን ዕዳ አይፈጥርም። ዕዳ የሚፈጥረው ተሠርቶ መታየት ያለበት ግዴታ ከመመለስ ጋር ሲታሰር ነው፤ የደሴዋ ልጄ ስምምነት እንዲህ ያለ ነው።

የሐዋሳው ወንድሜ የምዝገባውን መንገድ በትክክል አሳይቷል፤ ዕዳው ግን ብር ስለወጣ ብቻ አይቀንስም። የሚቀንሰው ስምምነቱ የተቀበለው ወጪ ሲወጣ ነው። የአዋጁ 20 በመቶ ድርጅቱ በጠቅላላው ሊያልፈው የማይገባ ጣሪያ እንጂ፣ ለጋሹ ያልፈቀደውን ኪራይ እንዲሸፍን የሚያስገድድ አይደለም። ስለዚህ ተቀባይነት ያለው ግንባታው 400,000 ብር እና የደመወዙ ግማሽ 54,000 ብር ነው። ገቢሽ 454,000 ብር፣ ዕዳሽ 446,000 ብር ይሆናል። ኪራዩና የደመወዙ ሌላ ግማሽ የድርጅቱ የራሱ ወጪዎች ናቸው። እነዚያን ስትቆጥሩ የሚታየው ትርፍ ሳይሆን የ144,000 ብር ጉድለት ነው።

ለግማሹ ደመወዝም ቢሆን አስተባባሪው በፕሮጀክቱ ላይ የዋለበትን ቀን የሚያሳይ፣ በየወሩ የተፈረመ ታይም ሺት ከቫውቸሩ ጋር ይያያዝ። የውል ወረቀት ብቻ ይዘው የመጡ ድርጅቶች ሙሉ የደመወዝ መስመር ሲሰረዝባቸው አይቻለሁ።

ለመሆኑ በባንክ ያለው ስንት ነው?

ጠያቂ
ለፕሮጀክቱ ብቻ በተከፈተው ሒሳብ 322,000 ብር አለ። ከተቋራጩ 5 በመቶ፣ ማለትም 20,000 ብር ለዋስትና የሚቆይ ሪቴንሽን ስለያዝን እስካሁን የተከፈለው 380,000 ብር ነው። ሲታይ ገና ዕዳውን እንኳ አይሸፍንም!

ጡረታ የወጣሁ ኦዲተር፣ አዲስ አበባ
ቁልፉ እዚህ ላይ ነው። በባንኩ ውስጥ የለጋሹ 446,000 እና የተቋራጩ 20,000፣ በድምሩ 466,000 ብር መገኘት ነበረበት። ያለው ከዚህ በ144,000 ያንሳል። ይህ በትክክል የኪራዩና የግማሽ ደመወዙ ድምር ነው፤ ከለጋሹ ገንዘብ ተበድራችኋል ማለት ነው። ከድርጅቱ ዋና ሒሳብ 144,000 ብር ወደ ፕሮጀክቱ ይዛወር፤ በአንድ ጊዜ ካልተቻለም ቦርዱ የመመለሻ ቀን ወስኖ በቃለ ጉባኤ ይያዝ። መኪናውን ከዚህ ገንዘብ ማስጠገን ሁለተኛ ብድር ነው።

ለሚቀጥለው፣ እያንዳንዱ ቫውቸር ላይ የለጋሹን ኮድና የበጀት መስመሩን ሳትጽፊ ክፍያ አታውጪ። በየወሩ መጨረሻም ይህንኑ የባንክና የዕዳ ንጽጽር ሥሪ፤ እንዲህ ዓይነቱ ጉድለት በሰኔ ሳይሆን ገና በየካቲት ይታያል።

የፋይናንስ ኃላፊ፣ ሐዋሳ
ስለ ኪራዩ ተሳስቻለሁ፤ እርማቱን ተቀብያለሁ። ሪቴንሽኑ ላይ ግን ጥያቄ አለኝ። የእኛ ለጋሽ በሪፖርት የሚቀበለው በተግባር የተከፈለውን ብቻ ስለሆነ ከ400,000 ይልቅ 380,000 ነበር የሚይዝልን።

ጡረታ የወጣሁ ኦዲተር፣ አዲስ አበባ
እኔ ያየሁት ለጋሽ ደግሞ የተፈረመ የክፍያ ምስክር ወረቀት ይቀበል ነበር። ሥራው ስለተሠራ በሒሳብ መዝገቡ ላይ 400,000 ወጪ ነው። ለጋሹ 380,000 ካለ ግን ያ 20,000 ብር እስኪከፈል በዕዳው ውስጥ መቆየት አለበት ወይስ የለበትም የሚለውን ሙሉ ስምምነቱን ሳላነብ አልፈርድም።

ጠያቂ
ለለጋሹ ዛሬውኑ በጽሑፍ እጠይቃለሁ። የ144,000 ብሩን ንጽጽር ለቦርዱ ይዤ እገባለሁ። መልስ ሲመጣልኝ እዚሁ እጽፋለሁ።